የደረሳው ደብዳቤና የኢማም ገዛሊ ምላሽ

አንድ ደረሳ ለኢማም አቡ ሐሚድ አል-ገዛሊ የላከው የምክር ጥያቄና ያገኘው ምላሽ «አዩሃል ወለድ» በተባለች ትንሽ ኪታብ ውስጥ ይገኛል። ስሙ አልተጻፈም። የደብዳቤው ፍሬ ነገርም የሚታወቀው ከኪታቧ መግቢያ ነው።

ደረሳው ጀማሪ አልነበረም። ኢማሙን እያገለገለ ብዙ ዓይነት ዒልም ቀርቷል። ነገር ግን ከተማረው ሁሉ ነገ በቀብሩ የሚጠቅመው የትኛው እንደሆነ መለየት አቃተው። የጥያቄው መልስ «ኢሕያእ ዑሉም አድ-ዲን»ን በመሰሉ የኢማሙ ሰፋፊ ሥራዎች ውስጥ እንዳለ ያውቃል። የፈለገው ዕድሜውን ሙሉ ይዞት የሚዞር፣ በጥቂት ገጽ የተጻፈ ምክርና አንድ ዱዓ ነበር። የደብዳቤው ብልኀትም እዚህ ላይ ነው፤ ያነበበውን ጠቅሶ የጎደለውን ብቻ ይጠይቃል።

ጥያቄው የመምህሩንም ሕይወት የነካ ነበር። ገዛሊ በባግዳድ ኒዛሚያ ያስተምሩ ነበር፤ ማስተማራቸው ለአላህ ሳይሆን ለዝና እንደሆነ ስለተሰማቸው እ.ኤ.አ. በ1095 ያንን ትልቅ ወንበር ትተው ወጡ። ስለዚህ ምላሻቸው ደረሳውን አያባብልም። መምከር ቀላል ነው፣ ከባዱ መቀበል ነው ይሉታል። በረሃ ላይ አንበሳ የመጣበት ሰው አሥር የሕንድ ሰይፍ ቢታጠቅ እንኳ ካልመዘዘው እንደማያድነው ሁሉ፣ ያልተሠራበት ዒልምም ባለቤቱን እንደማይጠቅም ያስረዱታል።

አንዳንዱን ጥያቄ ግን አልመለሱም። ተቀምሶ እንጂ ተነግሮ የማይታወቅ ነገር በጽሑፍ አይገለጽምና። ለዚህም ደረሳ ቅርብ የሆነ ሸይኽ ያስፈልገዋል ይላሉ። ሸይኹ ዓለምንና ሹመትን ከልቡ ያወጣ፣ እሱም በተራው ሸይኽ ይዞ የተገራ፣ ምግቡን፣ እንቅልፉንና ንግግሩን ያሳነሰ መሆን አለበት። እንዲህ ያለው ሰው በጣም ጥቂት መሆኑን አልደበቁም።

የተገኘ እንደሆነም አክብሮቱ በውጭም በውስጥም ነው። በውጭ፣ ደረሳው ሸይኹን አይከራከርም፤ ስሕተት ያየበት ቢመስለው እንኳ። በውስጥ ደግሞ በአፉ የተቀበለውን በልቡ አይክድም፣ ያ ንፍቅና ይሆናልና። ልቡ እሺ ካላለው ውስጡና ውጩ እስኪስማሙ ድረስ ከሸይኹ ይራቅ ይላሉ። የዛሬ አንባቢ ክርክርን መከልከሉ ሊከብደው ይችላል፤ ይህ የመራቅ ፈቃድ ግን ደረሳውን ከማስመሰል ያድነዋል።

ወደ መጨረሻው ኢማሙ ስምንት ምክሮች ይሰጡታል፤ አራቱ የሚተዋቸው፣ አራቱ የሚሠራቸው ናቸው። ከሚተዋቸው መካከል ለማሸነፍ መከራከር፣ ከገዥዎች ጋር መቀራረብና ስጦታቸውን መቀበል ይገኙበታል። የጠየቀውንም ዱዓ ጽፈው፣ በተለይ ከሶላት በኋላ እንዲለው አዘዙት። እሳቸውንም በዱዓው እንዳይረሳቸው ለመኑት።