ጀበናዋ ትቆይልኝ

ባለሱቅ ከዲዛይነር ጋር ብዙውን ጊዜ ሁለት ጊዜ ይገናኛል። አንዴ ሱቁን ሲከፍት፣ አንዴ ደግሞ የሚሸጠው ነገር ሲለወጥ። የመጀመሪያው ላይ ሁሉም ይጠነቀቃል፤ ቀለም ይመረጣል፣ ሦስት አራት ሐሳብ ይቀርባል፣ ዘመድ አዝማድ ይጠየቃል። ሁለተኛው ግን በስልክ ያልቃል። «ያቺን ከታች ያለችውን ጽሑፍ ብቻ ቀይርልኝ» ይባላል፣ «እሺ» ይባላል፤ ከሳምንት በኋላ የሚመጣው ሎጎ ጽሑፉ ብቻ ሳይሆን ሌላም ነገሩ ተቀይሮ ይመጣል።

እንዲህ ያለው ሥራ በስልክ ከሚታዘዝ በአጭር ደብዳቤ ቢታዘዝ ይሻላል። በቴሌግራም የተላከም ቢሆን ደብዳቤ ነው። ለምሳሌ ያህል አዲስ አበባ ውስጥ የተፈጨ ቡና የምትሸጥ አንዲት ባለሱቅ እናስብ። ሎጎዋ ሦስት ነገር አለው፦ ከላይ ጀበና፣ ከሥሩ የሱቁ ስም፣ ከስሙ ሥር ደግሞ በትንንሽ ፊደል መሪ ቃል። ለዲዛይነሯ እንዲህ ብላ ትጽፋለች፦

«ሰላም ወንድሜ፣ እንደምን ከረምክ? የዛሬ አራት ዓመት የሠራህልኝ ሎጎ እስካሁን እያገለገለኝ ነው። አሁን አንድ ነገር ብቻ እንድትቀይርልኝ ነው የምጽፍልህ። ከሱቁ ስም ሥር ያለው ‹ተቆልቶ የተፈጨ የሐረር ቡና› የሚለው ይውጣና በቦታው ‹ከቡና እስከ በርበሬ› የሚለው ይግባልኝ። ቡናውን አሁን ከሐረር ብቻ ሳይሆን ከጅማም ከሲዳማም ነው የማመጣው፤ ከዓምና ወዲህ ደግሞ በርበሬና ሽሮም ይዣለሁ።

ጀበናዋን አትንካብኝ። ቅርጿም፣ ቀለሟም፣ ከአፏ የሚወጣው እንፋሎትም እንዳለ ይሁን። የሰፈሩ ልጆች ‹ጀበናዋ ያለችበት ሱቅ› ተብለው ነው የሚላኩት። የስሙ አጻጻፍም አይቀየር።

ሎጎው ታፔላው ላይ፣ የግማሽ ኪሎው ማሸጊያ ላይ፣ ቢዝነስ ካርዴ ላይና የቴሌግራም ቻናሌ ላይ አለ። የተረፈኝ ማሸጊያ እስኪያልቅ በአሮጌው እሸጣለሁ፤ አዲሱ ለሚቀጥለው ኅትመት ይድረስልኝ። እኔ ጋ ያለው ያኔ በቴሌግራም የላክልኝ ፎቶ ብቻ ነው፤ ዋናው ፋይል አንተ ጋ ይኖራል ብዬ ነው። ስንት እንደምታስከፍለኝና መቼ እንደሚደርስ ንገረኝ። ከመጨረስህ በፊትም አሳየኝ።»

ደብዳቤው ያን ያህል የተራቀቀ አይደለም። ነገር ግን ዲዛይነሩ መልሶ ሊጠይቃት የሚገባውን ሁሉ ማለት ይቻላል አስቀድማ ነግራዋለች።

ከሁሉም በላይ የሠራችው ሥራ ምክንያቷን መናገሯ ነው። ምክንያት ያልተነገረው ዲዛይነር መገመት ይጀምራል። ደንበኛዋ ሎጎው አርጅቶባታል ብሎ ካሰበ ጀበናዋን «ዘመናዊ» ሊያደርጋት፣ ጥላ ሊጨምርላት፣ እጀታዋን ሊያቀጥነው ይነሳሳል። ደግ አስቦ ነው፤ ባለሙያ የድሮ ሥራውን ሲያይ እጁ አያርፍም። እሷ ግን ያረጀው ቃሉ እንጂ ሥዕሉ አለመሆኑን ነግራዋለች። የሐረር ቡና ብቻ የሚል ጽሑፍ ያለበት ከረጢት ውስጥ የጅማ ቡና መሸጥ ደግሞ ከደንበኛ ጋር ብቻ ሳይሆን ከሕግም ጋር ያጣላል፤ ስለ ዕቃ መገኛ አሳሳች መረጃ መስጠት በሸማቾች ጥበቃ ሕግ የተከለከለ ነው።

ጀበናዋስ ለምን ትቆያለች? በርበሬ ለሚሸጥ ሱቅ ጀበና ምኑ ነው የሚል ዲዛይነር አይጠፋም፤ ጥያቄውም ተገቢ ነው። መልሱ ልጆቹ ጋ ነው ያለው። ምልክት ሰው ለምዶት ሱቁን የሚያገኝበት ከሆነ በኋላ የሚሸጠውን ዕቃ ማሳየት ግዴታው አይደለም። የናይኪን ጭረት ያየ ሰው ጫማ ይሁን ቦርሳ አይጠይቅም። ያ ምልክት የተሠራው እ.ኤ.አ. በ1971 ሲሆን፣ የሠራችው ካሮሊን ዴቪድሰን የተባለች የዲዛይን ተማሪ የተከፈላት 35 ዶላር ነበር። ዓለም የሚያውቀው የኩባንያው መሪ ቃል የመጣው ግን ከ17 ዓመት በኋላ፣ በ1988 ነው። ምልክቱ ሥር ሰድዶ ቆየ፤ ቃሉ እንደ ጊዜው መጣ። የሰፈር ሱቅም ከዚህ የተለየ አይደለም። የሚያሳስበው ባለሱቋ አዲሱን መሪ ቃል ራሱን ዕቃ በመዘርዘር መሥራቷ ነው። ነገ ማር ብታስገባ ምን ልትል ነው? እዚህ ላይ አንድ ጥሩ ዲዛይነር «‹ከቡና እስከ በርበሬ› የሚለው ቡናና በርበሬ ብቻ ማለት ሳይሆን በመካከሉ ላለው ሁሉ ቦታ ይተዋል፤ ጥሩ ነው» ብሎ ሊያጸናት ይገባል።

አሁን ወደ ዲዛይነሩ ጠረጴዛ እንሂድ። አሮጌው መሪ ቃል 14 ፊደል ነበረው፤ አዲሱ 10 ነው። አጭር ስለሆነ ቀላል ይመስላል፤ ችግሩ የሚጀምረው ግን እዚሁ ነው። አሮጌው መስመር ከሱቁ ስም ጋር እኩል ተዘርግቶ፣ ከግራ ጠርዝ እስከ ቀኝ ጠርዝ ሞልቶት ነበር። አዲሱ በነበረው መጠን ሲቀመጥ በሁለቱም በኩል ክፍት ይተዋል። ቸኩሎ የሚሠራ ሰው ይህን ክፍት በሁለት መንገድ ይሞላዋል። አንዱ ጽሑፉን ይዞ ወደ ጎን መለጠጥ ነው፤ ያኔ የፊደሎቹ ቋሚ እግር ይወፍራል፣ አግዳሚው ቀጭን ሆኖ ይቀራል፣ በርበሬው የተረገጠ ይመስላል። ሌላው ፊደሎቹን ማተለቅ ነው፤ መስመሩን ለመሙላት አንድ ሦስተኛ ከዚያም በላይ ማተለቅ ስለሚያስፈልግ መሪ ቃሉ ከስሙ ጋር ይፎካከራል፤ ለዚያ ቦታ ለማግኘት ደግሞ ጀበናዋ ትንሽ ትገፋለች ወይም ታንሳለች። «አትንካብኝ» የተባለችው ጀበና የምትነካው በአብዛኛው እንዲህ ነው፤ ማንም ሊቀይራት ሳያስብ።

ትክክለኛው መንገድ የፊደሉን መጠን እንደነበረ ትቶ በፊደሎቹ መካከል ትንሽ አየር መጨመር፣ የቀረውን ክፍት ደግሞ ከግራና ቀኝ እኩል አድርጎ መተው ነው። መስመሩ ከስሙ ቢያጥር ነውር የለውም። አየሩም ከልክ ካለፈ ቃላቱ ተበታትነው «በ ር በ ሬ» ዓይነት ንባብ ይመጣል። ልኩ የሚታወቀው በኮምፒውተር ስክሪን ላይ አይደለም፤ በቢዝነስ ካርድ መጠን አትሞ ክንድ አርቆ ማየት ነው። ከእኛ ፊደሎች ብዙዎቹ በውስጣቸው ቀዳዳ ያላቸው ስለሆኑ ሲያንሱ ቶሎ ይደፈናሉ። ከአሮጌው መሪ ቃል ውስጥ «ጨ» ካርዱ ላይ ጥቁር ነጥብ መስሎ ሊሆን ይችላል። አዲሱ ከዚህ አንጻር ዕድለኛ ነው፤ በ፣ ር፣ ከና ስ ክፍት ፊደሎች ናቸው።

ስለ ፋይሉ የጻፈችው አንድ ዓረፍተ ነገር የሥራውን ዋጋ ሊወስን ይችላል። በቴሌግራም እንደ ፎቶ የተላከ ምስል ሲላክ ይጨመቃል፤ ለስልክ ይበቃል፣ ለታፔላ ግን አይሆንም። ዋናው ፋይል መስመሮቹ በሒሳብ የተቀመጡበት፣ ምን ያህል ቢተልቅ የማይደበዝዝ ነው፤ መጨረሻው `.ai`፣ `.cdr`፣ `.svg` ወይም `.pdf` ይሆናል። (`.pdf` ስለሆነ ብቻ አይታመንም፤ ፎቶም በውስጡ ሊገባ ይችላል።) ዋናው ፋይል ካለ ሥራው አንድ መስመር ጽሑፍ መቀየር ነው። ከጠፋ ግን ዲዛይነሩ ፎቶውን ከሥር አስቀምጦ ጀበናዋን በእጁ ዳግም መሣል አለበት፤ በዓይን ተመርቶ የተሣለ እንፋሎት ደግሞ የበፊቱን አይሆንም። ስለዚህ ለዲዛይነሩ መጀመሪያ የሚቀርበው ጥያቄ «ፋይሉ አለህ ወይ» ነው፤ መልሱ ሳይታወቅ ዋጋ መነጋገር ዋጋ የለውም። ጽሑፉ በድሮ የአማርኛ ፎንት ተጽፎ ከነበረ ደግሞ ፎንቱ በሌለበት ኮምፒውተር ሲከፈት የማይነበብ ምልክት ይሆናል። ለዚህ ነው ባለሙያዎች ሲያስረክቡ ፊደሉን ወደ ሥዕል መስመር የሚቀይሩት፤ ያኔ አይበላሽም፣ ግን ደግሞ አይታረምም። ባለሱቋ ሁለቱንም ዓይነት ፋይል፣ የፎንቱንም ስም ጽፎ እንዲሰጣት ብትጠይቅ መልካም ነው።

ማሸጊያውን መጥቀሷም ገንዘብ ያድናል። የማሸጊያ ኅትመት በየቀለሙ የራሱ ክሊሼ አለው። መሪ ቃሉ በቡናማ ብቻ ታትሞ ከነበረና አዲሱም በቡናማ ብቻ ከቆየ፣ እንደገና የሚሠራው የቡናማው ክሊሼ ብቻ ሊሆን ይችላል። «በርበሬ ስለሆነ ቀይ እናድርገው» የሚል ሐሳብ ከመጣ ግን ተጨማሪ ቀለም፣ ተጨማሪ ክሊሼ ማለት ነው። ለዓይን የሚያምር ሐሳብ ሁሉ ለኪስ አያምርም።

ሎጎው በአእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን በንግድ ምልክትነት ተመዝግቦ ከሆነ ባለሱቋ ሌላ ወረቀት ማየት አለባት። በአዋጅ ቁጥር 501/1998 መሠረት ምዝገባ ለ7 ዓመት ያገለግላል፣ ይታደሳልም። ጥያቄው የተመዘገበው ምን ነበር የሚለው ነው። ጀበናዋና ስሙ ብቻ ከሆኑ መሪ ቃሉ ቢቀየር የተመዘገበው አልተነካም። ሦስቱም በአንድ ሥዕል ተመዝግበው ከሆነ ግን አዲሱ ሎጎ የተመዘገበው ሎጎ አይደለም፤ ማሸጊያው ከመታተሙ በፊት ባለሥልጣኑ ጋ ሄዶ መጠየቅ ነው።

ረቂቁ ሲመጣ ባለሱቋ «ያምራል» ብላ እንዳትቸኩል። አሮጌውንና አዲሱን በአንድ መጠን አሳትማ፣ ሁለቱን ወረቀት ደራርባ መስኮት ላይ ትለጥፋቸው። ብርሃኑ ሲያልፍ ጀበናዎቹ አንድ ሆነው መታየት አለባቸው። በጠርዟ ላይ ጭላንጭል ድርብ መስመር ከታየ ተነክታለች፤ ወይ ተንቀሳቅሳለች፣ ወይ አንሳለች፣ ወይ ዳግም ተሥላለች። ከዚያ አዲሱን ጽሑፍ ፊደል በፊደል ከደብዳቤዋ ጋር ታስተያየው። ቃሉን በስልክ ሳይሆን በጽሑፍ መላኳ ለዚህ ነው፤ ዲዛይነሩ ገልብጦ ይለጥፈዋል እንጂ ሰምቶ አይጽፈውም። «በረበሬ» ተብሎ የታተመ ማሸጊያ መልሶ የሚቀበል ማተሚያ ቤት የለም።

ታፔላው ላይ ግን አንድ የሚያጓጓ ቁጠባ አለ፤ መሪ ቃሉን ብቻ በስቲከር አሠርቶ በአሮጌው ላይ መለጠፍ። አራት ዓመት ፀሐይ የመታው ታፔላ ቀለሙ ለቋል። አዲሱ ስቲከር በዲዛይነሩ ፋይል ላይ ባለው ትክክለኛ ቡናማ ከታተመ ከታች ያለው መስመር ደምቆ፣ ጀበናዋ ከላይ ገርጥታ ትታያለች። ወይ ታፔላው ሙሉ በሙሉ ይታተም፣ ወይ ገንዘቡ እስኪገኝ አሮጌው ጽሑፍ በመደቡ ቀለም ተሸፍኖ ስምና ጀበና ብቻ ይቆዩ። ልጆቹ እንደሆነ ጽሑፉን አያነቡትም።