የጥቅምትን ወጪ ከመዝገብ ነጥሎ መደመር

አንዲት ባለሱቅ ወጪዋን በኤክሴል ትመዘግባለች እንበል፤ A ላይ ቀኑን፣ B ላይ የወጪውን ዓይነት፣ C ላይ ብሩን። ኪራዩም፣ መብራቱም፣ ትራንስፖርቱም እንደየአመጣጡ ተደበላልቆ ተጽፏል። ማወቅ የፈለገችው ግን በጥቅምት 2017 ዓ.ም. ለትራንስፖርት ብቻ ስንት እንዳወጣች ነው።

SUMIFS የተሠራው ለዚህ ነው። አስቀድሞ የሚደመረው ዓምድ ይነገረዋል፤ ከዚያ የሚፈተሸው ዓምድና መስፈርቱ ጥንድ ጥንድ እየሆኑ ይከተላሉ። ሁሉንም መስፈርት ያሟላ ረድፍ ብቻ ይደመራል። ቀኑን በተመለከተ፣ ኤክሴል የተተየበለትን የሚያነበው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ስለሆነ ወሩን መመንዘር ያስፈልጋል። ጥቅምት 1 ቀን 2017 ኦክቶበር 11 ቀን 2024 ላይ ዋለ፤ ኅዳር 1 ደግሞ ኖቬምበር 10 ላይ።

```
=SUMIFS(C2:C200,B2:B200,"ትራንስፖርት",A2:A200,">="&DATE(2024,10,11),A2:A200,"<"&DATE(2024,11,10))
```

የቀኑ ዓምድ ሁለት ጊዜ የገባው አንዴ ለመነሻው፣ አንዴ ለመድረሻው ነው። መድረሻውን «ከኅዳር 1 በፊት» ማለት «እስከ ጥቅምት 30» ከማለት ይሻላል። ቀኑ ከነሰዓቱ ተመዝግቦ ከሆነ የጥቅምት 30 ከሰዓት በኋላ ወጪ በሁለተኛው አጻጻፍ ይቀራልና።

በመዝገቡ ላይ የትራንስፖርት ወጪ መስከረም 29 ቀን 300፣ ጥቅምት 1 ቀን 450፣ ጥቅምት 30 ቀን 600፣ ኅዳር 1 ቀን 350 ብር ቢሆን፣ ጥቅምት 10 ቀን ደግሞ 8,000 ብር ኪራይ ቢኖር፣ ውጤቱ 1,050 ነው። ኪራዩ በዓይነቱ፣ ሁለቱ ዳር ያሉት በቀናቸው ወደቁ።

በጣም የሚያሳስበኝ ቀመሩ ሲሳሳት ዝም ማለቱ ነው። ባለሱቋ ጥቅምት 30ን በለመደችው መንገድ 30/2/2017 ብላ ብትጽፍ፣ ፌብሩዋሪ 30 የሚባል ቀን ስለሌለ ኤክሴል ተራ ጽሑፍ አድርጎ ይይዘዋል፤ 600 ብሩም ከድምሩ ይጎድላል። 5/2/2017 ብትል የባሰ ነው፤ ትክክለኛ ቀን መስሎ ይገባና በ2017 እ.ኤ.አ. ይመዘገባል፣ ሰባት ዓመት ወደ ኋላ ማለት ነው። የመጀመሪያውን ስሕተት =ISNUMBER(A2) ይይዘዋል፤ FALSE ካለ ያ ቀን ቀን አይደለም። ሁለተኛውን ግን አያገኘውም። መዝገቡን በቀን ቅደም ተከተል ሲደረድሩት ብቻ ከሁሉ በላይ ብቅ ይላል።

የእኛው ፊደልም ሌላ ወጥመድ አለው። «የሠራተኛ ደመወዝ» እና «የሰራተኛ ደመወዝ» ለአንባቢ አንድ ናቸው፤ ለኤክሴል ግን ሁለት የተለያዩ ዓይነቶች። መጨረሻ ላይ ሳይታወቅ የገባች ባዶ ቦታም እንዲሁ ትለያለች። ይህን ለማወቅ የዓይነቱን መስፈርት አውጥቶ የወሩን ወጪ በሙሉ መደመርና ውጤቱን ከየዓይነቱ ድምሮች ጋር ማስተያየት ነው። ሁለቱ ካልተገናኙ፣ በልዩነቱ ልክ የሆነ ብር ዓይነቱ በተለየ ፊደል ተጽፎ ወይም ጨርሶ ሳይጻፍ የሆነ ረድፍ ላይ ተቀምጧል።