በጀትን በጥቂት ቁጥር ማስረዳት

የፕሮጀክት በጀት የሚያጸድቁ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ የሂሳብ ባለሙያዎች አይደሉም። በወረዳ ምክር ቤት አርሶ አደሩ፣ መምህሯና ነጋዴው ይቀመጣሉ፤ በእድር፣ በሰበካ ጉባኤ፣ በበጎ አድራጎት ድርጅት ቦርድም እንዲሁ ነው። እነዚህ ሰዎች አካባቢያቸውን በጀቱን ከሚያቀርበው ባለሙያ አብልጠው ያውቁታል። የሚቸግራቸው አርባና ሃምሳ መስመር ያለው ሠንጠረዥ ሲዘረጋላቸው፣ ከዚያ ሁሉ ውስጥ የእነሱን ውሳኔ የሚፈልገው የትኛው እንደሆነ መለየት ነው።

ሠንጠረዡ ከላይ እስከ ታች ሲነበብ ውይይቱ ወደሚታወቀው ነገር ያደላል። የሾፌር አበል፣ ነዳጅ፣ የወረቀትና የቶነር ዋጋ ሁሉም ሰው የሚያውቀው ነውና ሁሉም አስተያየት ይሰጥበታል። ስለ ጉድጓድ ቁፋሮ ግን ማንም ደፍሮ አይጠይቅም። ስብሰባው ለአበል ግማሽ ሰዓት ሰጥቶ ሚሊዮኖቹን በዝምታ ካሳለፈ፣ ጉድለቱ የአባላቱ ሳይሆን የአቀራረቡ ነው።

ነገሩን በአንድ ምሳሌ መከተል ይሻላል። አንድ ወረዳ 600 አባወራ ላላት የገጠር ቀበሌ የመጠጥ ውሃ ሊያስገባ አስቧል እንበል። ሥራው ጥልቅ ጉድጓድ መቆፈር፣ በፀሐይ ኃይል የሚሠራ ፓምፕ መትከል፣ ማጠራቀሚያ መገንባት፣ መስመር መዘርጋትና 6 ቦኖ ማቆም ነው። ለማብራሪያ በተወሰደው በዚህ ምሳሌ ዝርዝሩ ሲደመር 23,987,412 ብር ከ50 ሳንቲም ይሆናል። ለምክር ቤቱ ግን ቁጥሩ 24 ሚሊዮን ነው። ሳንቲሙ ለውሉና ለኦዲቱ ያስፈልጋል፤ ሰሚ ግን ስምንት አኃዝ በጆሮው ይዞ ማሰብ አይችልም። ሲጠጋጋ መጠበቅ ያለበት አንድ ነገር ቢኖር የተጠጋጉት ክፍሎች ተደምረው የተጠጋጋውን ጠቅላላ ድምር መስጠታቸው ነው። ክፍሎቹ 23.8 ሚሊዮን እየሆኑ ጠቅላላው 24 ከተባለ፣ ደብተር ይዞ የሚደምር አንድ አባል አይጠፋም፤ ከዚያ በኋላ ስለ ውሃው የሚሰማ የለም።

የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ግን 24 ሚሊዮንም መሆን የለበትም። ከዚህ ገንዘብ 14 ሚሊዮኑን አንድ ለጋሽ ድርጅት ይሸፍናል፤ 2 ሚሊዮኑ የኅብረተሰቡ ድርሻ ነው፤ ከወረዳው የሚፈለገው 8 ሚሊዮን ብር ነው። ምክር ቤቱ እጁን የሚያወጣው ለዚህ ለመጨረሻው ቁጥር ስለሆነ ንግግሩ ከእሱ ይጀምራል፦ «ምክር ቤቱ 8 ሚሊዮን ብር እንዲፈቅድ እንጠይቃለን። ይህ ገንዘብ ከለጋሹና ከኅብረተሰቡ ድርሻ ጋር ሆኖ ለ600 አባወራ የቧንቧ ውሃ ያስገባል። የጠቅላላው ሥራ ዋጋ 24 ሚሊዮን ነው።» በእነዚህ ሦስት ዓረፍተ ነገሮች ሰሚው ምን እንደተጠየቀና በምላሹ ምን እንደሚገኝ ያውቃል። ብዙ አቅራቢዎች ግን የፕሮጀክቱን ታሪክና ዓላማ በሰፊው ተርከው የተጠየቀውን ገንዘብ ለመጨረሻ ያቆዩታል። ሰሚው እስከዚያው «ስንት ሊሉን ነው» እያለ ስለሚጠብቅ የተባለውን ሁሉ በግማሽ ልብ ነው የሚሰማው።

የኅብረተሰቡ 2 ሚሊዮን ልዩ ጥንቃቄ ይሻል። አብዛኛውን ጊዜ ይህ ድርሻ ጥሬ ገንዘብ ሳይሆን የቧንቧ ቦይ ለመቆፈርና ድንጋይና አሸዋ ለማቅረብ የሚውል ጉልበት በብር ተተምኖ ነው። በወረቀት ላይ እንደ ገንዘብ ስለሚደመር፣ ካልተነገረ በስተቀር ምክር ቤቱ ባንክ ውስጥ ያለ ይመስለዋል። ቦዩ የሚቆፈረው በአጨዳ ወቅት ከሆነ ደግሞ ጉልበቱ አይገኝም፤ ያኔ በብር መተካት ይመጣል። ስለዚህ «ጉልበት ነው፣ ከአጨዳ በኋላ ነው» የሚለው ሐረግ ከቁጥሩ ጎን መቆም አለበት።

ገንዘቡ የት እንደሚሄድ ለማስረዳት ከመቶኛ ይልቅ ብርን በብር መክፈል ይቀላል። ከእያንዳንዱ 10 ብር ውስጥ 3 ብር ከ50 ለቁፋሮው፣ 3 ብር ለፓምፑና ለፀሐይ ኃይል መሣሪያው፣ 2 ብር ከ50 ለማጠራቀሚያው፣ ለመስመሩና ለቦኖዎቹ፣ 1 ብሩ ለመጠባበቂያ ይውላል። አርባው መስመር በእነዚህ አራት ክምሮች ውስጥ ይገባል። አበልና ነዳጅም የሚያገለግሉት ሥራ ላይ ይደመራሉ እንጂ ለብቻቸው አይቆሙም፤ ዝርዝሩ ማየት ለሚፈልግ በአባሪ ተያይዞ ይቀመጣል። መደበቅ አይገባም፤ ከፊት መቅረቡ ግን አይጠቅምም።

ብዙ ጊዜ የሚያከራክረው መጠባበቂያው ነው። ለየትኛው ዕቃ እንደሆነ ስላልተጻፈበት ትርፍ ገንዘብ ይመስላል፤ ቅነሳ ሲመጣም መጀመሪያ የሚነካው እሱ ነው። «ላልታሰበ ወጪ» ብሎ ማለፍ ይህን ጥርጣሬ ያባብሳል፤ የሚሻለው ምን ሊያስወጣው እንደሚችል በስሙ መጥራት ነው። በዚህ ሥራ መጠባበቂያው 2.4 ሚሊዮን ሲሆን የሚጠብቃቸው አደጋዎች በዋናነት ሁለት ናቸው። አንደኛው ጥልቀቱ ነው። የቁፋሮ ዋጋ ባብዛኛው በሜትር ስለሚከፈል፣ 150 ሜትር ላይ ይገኛል የተባለው ውሃ ተጨማሪ 30 ሜትር ቢጠይቅና ሜትሩ 40,000 ብር ቢሆን 1.2 ሚሊዮን፣ ማለትም የመጠባበቂያው ግማሽ ይሄዳል። ሁለተኛው ከውጭ የሚገባው ፓምፕ ዋጋ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ ከዚያ በፊት 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ መሆኑን የማያስታውስ የምክር ቤት አባል የለም። የፓምፑና የመሣሪያው ዋጋ በሦስተኛው እጅ ብቻ ቢጨምር መጠባበቂያው በሙሉ ያልቃል። ይህ ከተነገረ በኋላ መጠባበቂያው በማን ፊርማ እንደሚወጣና ካልተነካ ለየድርሻ ባለቤቶቹ እንደሚመለስ ማከል ያስፈልጋል። ያኔ ጥያቄው «ይህ ለምን መጣ» መሆኑ ቀርቶ «ይበቃል ወይ» ይሆናል።

እዚህ ላይ ከስብሰባው በፊት መፈተሽ ያለበት አንድ ነገር አለ። ፕሮፎርማዎቹ የተጨማሪ እሴት ታክስን ይጨምራሉ ወይስ አይጨምሩም? ታክሱ 15 በመቶ ነው፤ መጠባበቂያው ግን ከጠቅላላው 10 በመቶ ብቻ። ታክስ የሚከፈልባቸው ሥራዎችና ዕቃዎች ሳይታክሱ ከተደመሩ፣ ሥራው ሳይጀመር መጠባበቂያው ተበልቷል ማለት ነው።

መጠባበቂያ የማይሸፍነው አደጋም አለ፤ ጉድጓዱ ደረቅ ሊሆን ይችላል። ጥናቱ ጥሩ ቢሆንም ይህን ማንም በዋስትና አያስቀርም፤ አቅራቢው ይህን ዝም ብሎ ካለፈው ደግሞ በኋላ መልስ የለውም። መፍትሔው ውሳኔውን በሁለት መክፈል ነው። ጉድጓዱ በሰከንድ ስንት ሊትር እንደሚሰጥ የሚታወቀው ከተቆፈረ በኋላ ለተከታታይ ሰዓታት ውሃ እየተሳበ በሚደረገው ፍተሻ ነው፤ የፓምፑ ዓይነትና መጠንም የሚወሰነው በዚያ ውጤት ነው። ስለዚህ ፓምፑን ቀድሞ መግዛት ከሂሳብም ከምህንድስናም አንጻር ስሕተት ነው። ምክር ቤቱ ከ8 ሚሊዮኑ 3 ሚሊዮኑን ለቁፋሮው አሁን፣ 5 ሚሊዮኑን የፍተሻው ውጤት ቀርቦለት እንዲለቅ መጠየቅ ይቻላል። ለአባላቱ የሚነገረው አጭር ነው፦ ውሃ ባይገኝ ወረዳው የሚያጣው 3 ሚሊዮን ነው፤ 8 አይደለም። የአንድ ውሳኔ ክብደት የሚመዘነው እንዲህ ባለው ቁጥር ነው።

በሁለት የተከፈለ ውሳኔ ግን ከጊዜ ጋር ይጋጫል። የመንግሥት በጀት ዓመት ከሐምሌ 1 እስከ ሰኔ 30 ነው፤ ክረምት ሲገባ ደግሞ የመቆፈሪያው ማሽን በጭቃ መንገድ አይገባም። ጨረታው ወራት ከወሰደና ቁፋሮው ከበጋው መጨረሻ ካለፈ፣ ሁለተኛው ክፍያ ሳይነካ ዓመቱ ይዘጋል፤ ገንዘቡም ወደ ካዝና ይመለሳል። ስለዚህ ከገንዘቡ ቁጥር ጋር አንድ ቀን መነገር አለበት፦ ቁፋሮው እስከ የካቲት ካላለቀ የዚህ ዓመት በጀት አይበቃም።

የመጨረሻው ቁጥር ከምርቃቱ በኋላ የሚመጣው ነው። የጥበቃና የቦኖ ሠራተኛ ደመወዝ፣ የጥገናና ለፓምፕ መተኪያ የሚቀመጥ ገንዘብ በዓመት 600,000 ብር ይሆናል ተብሎ ቢገመት፣ ለአባላቱ ይህን እንዳለ መንገር ብዙም አይረዳም። 600 አባወራ በቀን አምስት አምስት ጀሪካን ቢቀዳ በዓመት ከአንድ ሚሊዮን ጀሪካን ያልፋል፤ ለአንዱ የሚደርሰው ወጪ 55 ሳንቲም ገደማ ነው። ጀሪካኑ በ1 ብር ቢተመን፣ ከሚቀዳው ሦስተኛው እጅ ሳይከፈልበት ቢቀር እንኳ ወጪው ይሸፈናል። «አንድ ጀሪካን በ1 ብር ሕዝቡ ይከፍላል?» የሚለውን ጥያቄ ከምክር ቤቱ የተሻለ የሚመልስ የለም፤ አቅራቢውም የእነሱን ዕውቀት የሚያገኘው በዚህ መንገድ ነው።

ክርክሩ ወደ ቅነሳ ሲያመራ «እናብቃቃለን» ማለት ከሁሉ የከፋ መልስ ነው። ሲበቃቃ የነበረው በጀት ከመጀመሪያውም ተነፍቶ ነበር ማለት ይሆናላ። የጉድጓዱን ጥልቀት መቀነስ አይቻልም፤ ሊቀነስ የሚችለው የቦኖዎቹና የመስመራቸው ቁጥር ነው። አንድ ቦኖ በአማካይ 100 አባወራ ያገለግላል። ሁለት ቦኖ ቢቀር 200 አባወራ ርቆ ይሄዳል፤ የትኛው ጎጥ እንደሆነ በካርታ ላይ በጣት ማሳየት ይገባል። የገንዘቡን ቅነሳ ወደ ሰዎች ቁጥር መመለስ ሰሚን ለማስጨነቅ ሳይሆን የሚወስነውን በትክክል እንዲያውቅ ለማድረግ ነው።

አቀራረቡ መሥራቱን ከስብሰባው በፊት ማወቅ ይቻላል። አንድ ገጹን ከሂሳብ ክፍል ውጭ ላለ ሰው አስነብቦ፣ ወረቀቱን ተቀብሎ «ምን ተጠየቅን?» ማለት ይበቃል። «ወረዳው 24 ሚሊዮን ይክፈል ተባለ» ካለ የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር መስተካከል አለበት። «8 ሚሊዮን፣ መጀመሪያ 3፣ ውሃው ሲገኝ 5» ካለ ተረድቷል። ቃለ ጉባኤውም በዚሁ ልክ ይጻፋል፦ የተፈቀደው መጠን፣ ሁለተኛው ክፍያ የሚለቀቅበት ሁኔታና ቀኑ። በየሩብ ዓመቱ የሚቀርበው ሪፖርት እነዚያኑ አራት ክምሮች በያዙት ቅደም ተከተል ይደግማል፤ በየክምሩ ስንት እንደተፈቀደና ስንት እንደወጣ ጎን ለጎን ያስቀምጣል፤ ከመጠባበቂያው የወጣ ካለም ምክንያቱን በአንድ መስመር ይገልጻል።