መጋዘንን ከቤት ማገናኘት፦ ገመድ አልባው ድልድይ ለማን ያዋጣል?

በምሥራቅ ጎጃም አምበርን በመሳሰሉ የጤፍ ገበያ ከተሞች የእህል ነጋዴው ቤትና መጋዘን አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ግቢ ውስጥ አይገኙም። መጋዘኑ የጭነት መኪና በሚደርስበት የመንገድ ዳር ሲሠራ፣ መኖሪያ ቤቱ ከኋላ፣ ከአንድ ሁለት ግቢ በኋላ ይሆናል። የኢንተርኔቱ መስመር የገባው ደግሞ ቤት ነው። የአዲስ አበባው ገዥ ገንዘቡን በባንክ ልኮ መኪናው ሞተር አስነስቶ ሲጠብቅ፣ ገንዘቡ መግባት አለመግባቱን ለማረጋገጥ ሰው ወደ ቤት የሚላክበት፣ ሌሊት ደግሞ ሀብቱ ያለው በአንድ በኩል፣ ባለቤቱ በሌላ በኩል የሚያድሩበት ምክንያት ይኸው ነው።

ለዚህ ችግር ነጋዴው ዛሬ ሦስት አማራጮች አሉት። አንደኛው ለመጋዘኑ ሁለተኛ መስመር አስገብቶ በየወሩ ሁለት ሂሳብ መክፈል ነው። ሁለተኛው ሲም ካርድ የሚወስድ ራውተር መጋዘኑ ውስጥ ማስቀመጥ ነው። ሦስተኛው በባለሙያዎች ዘንድ ገመድ አልባ ድልድይ የሚባለው፣ የቤቱን መስመር በአየር ወደ መጋዘኑ የሚያሻግር ጥንድ አንቴና ነው። የትኛው እንደሚያዋጣ የሚወስነው የዕቃው ዋጋ ብቻ ሳይሆን ነጋዴው በመስመሩ ሊሠራ ያሰበው ሥራም ነው።

ሥራው የባንክ መልእክት ማየትና በ2013 ዓ.ም. ሥራ በጀመረው ቴሌብር ክፍያ መቀበል ብቻ ከሆነ የእጅ ስልክ ይበቃል፤ ለዚህ ሲባል ድልድይ መትከል ገንዘብ ማባከን ነው። ሒሳቡ የሚለወጠው ነጋዴው መጋዘኑን በካሜራ ማየት፣ የገባና የወጣውን ኩንታል የሚመዘግበውን ኮምፒዩተር ከቤት ካለው ጋር ማገናኘት ሲፈልግ ነው።

ምክንያቱ ቀላል ነው። አንድ ካሜራ ጥርት ያለ ምስል ለመላክ በሰከንድ 2 ሜጋቢት ያህል ይወስዳል እንበል። አራት ካሜራዎች 8 ሜጋቢት ይፈልጋሉ ማለት ነው፤ ያውም ሌትና ቀን ሳይቋረጥ። ይህን በኢንተርኔት ለመላክ ከተሞከረ መስመሩ ይጨናነቃል፣ በሲም ካርድ ከሆነ ደግሞ የተገዛው ጥቅል በጥቂት ቀናት ያልቃል። በድልድዩ ሲሆን ግን ምስሉ ከመጋዘን ወደ ቤት በቀጥታ ይሄዳል እንጂ ኢንተርኔቱን አይነካም፤ ኢንተርኔት በተቋረጠ ሰዓት እንኳ ካሜራው መቅዳቱን ይቀጥላል። መቅጃው መሣሪያ ቤት ስለሚቀመጥም መጋዘን ሰብሮ የገባ ሌባ ማስረጃውን አብሮ ይዞ መሄድ አይችልም። ሁለተኛ መስመር ይህን ጥቅም በቀላሉ አይሰጥም።

የአንድ መጋዘን ስሌት

ነገሩን በምሳሌ ለማየት ያህል፣ መጋዘኑ ከቤቱ 140 ሜትር ይርቃል፣ በመካከል የጎረቤት ግቢና የባሕር ዛፍ ረድፍ አለ እንበል። ተራው የኔትወርክ ኬብል ያለ ረዳት መሣሪያ የሚሠራው እስከ 100 ሜትር ብቻ ነው። ከዚያ ባነሰ ርቀትና በራስ ግቢ ውስጥ ከሆነ ኬብሉን በቱቦ ቀብሮ መጨረስ የተሻለ ነው። በ140 ሜትር ግን፣ ያውም በሰው ግቢ ላይ፣ ወይ ፋይበር መዘርጋት ወይ ድልድይ መትከል ግድ ይላል።

ለድልድዩ የሚያስፈልጉት ቲፒ-ሊንክ፣ ዩቢኩቲ ወይም ማይክሮቲክ ከመሳሰሉት አምራቾች ሥራ ሁለት የውጭ አንቴናዎች፣ ፀሐይና ዝናብ የሚችል ኬብል፣ ሁለት የብረት ቧንቧ፣ የመሬት ሽቦና መጋዘኑ ውስጥ ለስልክ ዋይፋይ የሚያሰራጭ አነስተኛ መሣሪያ ናቸው። ለስሌት ያህል ይህ ሁሉ ከእጅ ዋጋ ጋር 30 ሺህ ብር ቢፈጅና የሁለተኛው መስመር ወርሃዊ ሂሳብ 1,000 ብር ቢሆን፣ ድልድዩ ወጪውን የሚመልሰው በ30 ወር ነው። ነጋዴው የራሱን አሐዝ ተክቶ ሊያሰላው ይችላል። ውጤቱ ከሦስት ዓመት ካለፈና ካሜራ ከሌለ ነገሩን ቢተወው ይመረጣል።

አተካከሉ

ጠንቃቃ ሠራተኛ ሁለቱን አንቴናዎች ጣራ ላይ ከማውጣቱ በፊት ጠረጴዛ ላይ ጎን ለጎን አስቀምጦ፣ ኃይላቸውን ዝቅ አድርጎ ያስተዋውቃቸዋል። የቤቱ በ "Access Point"፣ የመጋዘኑ በ "Client" ይስተካከላል። ለእያንዳንዳቸው የተለያየ አድራሻ ይሰጣል፤ የቤቱ ራውተር 192.168.1.1 ከሆነ፣ አንቴናዎቹ 192.168.1.2 እና 192.168.1.3 ሊሆኑ ይችላሉ። የይለፍ ቃሉ በዚሁ ጊዜ ይቀየራል። እዚህ ያልተነጋገሩ አንቴናዎች ቆርቆሮ ላይ ከወጡ በኋላ ይነጋገራሉ ብሎ መጠበቅ ከንቱ ድካም ነው።

ቀጥሎ የሚመጣው የከፍታ ጉዳይ ነው። ብዙ ድልድይ የሚበላሸውም እዚህ ላይ ነው። አንዱ አንቴና ከሌላው ሆኖ በዓይን መታየት አለበት፤ ይህ ግን ብቻውን አይበቃም። ሞገዱ እንደ ክር ቀጥ ብሎ ሳይሆን መሐሉ እንዳበጠ በርሜል ሆኖ ነው የሚጓዘው። በ5 ጊጋኸርዝ በሚሠራ አንቴናና በ140 ሜትር ርቀት የዚህ በርሜል መሐል ከመስመሩ ወደ ሁሉም አቅጣጫ 1 ሜትር ከ40 ሳንቲሜትር ያህል ይሰፋል። ከዚህ ቢያንስ ስድሳ በመቶው፣ ማለትም 85 ሳንቲሜትር ያህሉ፣ ከቅጠልና ከቆርቆሮ ጫፍ ነፃ መሆን ይኖርበታል። በዓይን እየታየ የማይሠራ ድልድይ ሲያጋጥም ብዙውን ጊዜ ምክንያቱ የጣራ ጠርዝ ወይም ቅርንጫፍ እዚህ ክልል ውስጥ መግባቱ ነው።

የባሕር ዛፉ ነገር በተለይ ሊታሰብበት ይገባል። በበጋ የተተከለ ድልድይ በሐምሌ የሚደክመው ከዝናቡ ይልቅ ውኃ ባዘለው ቅጠል ምክንያት ነው። በ140 ሜትር ርቀት ዝናቡ ራሱ ሞገዱን ይህን ያህል አይጎዳውም። ባሕር ዛፍ ፈጥኖ የሚያድግ በመሆኑም ዛሬ ከመስመሩ በታች ያለው በአንድ ሁለት ዓመት ይሻገረዋል። ስለዚህ ቧንቧውን ከወዲሁ ማስረዘም ወይም ከጎረቤት ጋር ስለ ቁርጫው መስማማት ይሻላል።

አንቴናዎቹ ከተተከሉ በኋላ አንዱን ቀስ በቀስ ግራና ቀኝ፣ ከዚያም ወደ ላይና ወደ ታች እያዞሩ በስክሪኑ ላይ የሚታየውን የሲግናል ቁጥር መከታተል ያስፈልጋል። ቁጥሩ ከዜሮ በታች ስለሚነበብ ወደ ዜሮ በቀረበ መጠን ሲግናሉ ይበረታል። በዚህ ርቀት፣ በመጠነኛ ኃይል፣ ከ -50 እስከ -60 dBm መገኘት አለበት። -75 ከሆነ በመንገዱ ላይ የሚከልል ነገር አለ ወይም አንቴናው አቅጣጫውን ስቷል። ከ -35 በላይ ከሆነ ደግሞ አንቴናዎቹ እርስ በርስ እየተጯጯሁ ነውና ኃይሉ ይቀነስ።

መብራት፣ መብረቅና ሳጥኗ

አንቴናው ኤሌክትሪክ የሚያገኘው ከአንዲት ትንሽ ሳጥን በኔትወርክ ኬብሉ በኩል ነው። ሳጥኗ ሁለት ቀዳዳዎች አሏት፤ "PoE" የተባለው ወደ አንቴናው፣ "LAN" የተባለው ወደ ራውተሩ ነው። በብዙዎቹ ሳጥኖች ላይ የሚወጣው ኃይል 24 ቮልት ነው። ሠራተኛው ሁለቱን ካቀያየረ ይህ ኃይል ወደ ራውተሩ ወይም ወደ ኮምፒዩተሩ ሄዶ ሊያቃጥለው ይችላል። ሁለቱን በቀለም ምልክት ማድረግ ወጪ አያስከትልም።

መብራት ሲጠፋ ድልድዩ ከሁለቱ በአንዱ በኩል ቢጠፋ በሙሉ ይጠፋል፤ ስለዚህ ባትሪ ለቤቱም ለመጋዘኑም ያስፈልጋል። በመጋዘኑ በኩል አንቴናው፣ አራቱ ካሜራዎችና ማከፋፈያው በድምሩ 30 ዋት ያህል ቢወስዱ፣ ባለ 12 ቮልት 100 አምፔር-ሰዓት ባትሪ ግማሹ ብቻ ሥራ ላይ ውሎ፣ ብክነቱም ተቀንሶ፣ አንድ ሌሊት ያሳድራል።

ከሁሉ የከፋው ጠላት ግን የክረምቱ መብረቅ ነው። ቧንቧው በወፍራም ሽቦ ከመሬት ዘንግ ጋር መታሰር፣ በኬብሉ ላይም የመብረቅ መከላከያ መግባት አለበት። ይህ አቅራቢያ ላይ በሚወርድ መብረቅ የሚፈጠረውን ኃይል ይቀንሳል፤ በቀጥታ የሚመታን መብረቅ ግን አያስቆምም። መንገዱን ለመቆፈር የተፈቀደለትና መብረቅ ደጋግሞ ያጠቃው ነጋዴ ፋይበር ቢዘረጋ ይሻላል፤ መስታወት ኤሌክትሪክ አያስተላልፍምና።

ጥፋቱ የማን ነው?

ኢንተርኔት በዘገየ ቁጥር ድልድዩን መውቀስ የተለመደ ነው። ለመለየት ከመጋዘኑ ኮምፒዩተር ይህን ትእዛዝ መጻፍ ይበቃል፦

```
ping -n 100 192.168.1.1
```

መቶው መልእክት ሁሉ በጥቂት ሚሊሰከንድ ከተመለሰ ድልድዩ ጤነኛ ነው፤ ችግሩ ከቤቱ ራውተር ወዲያ ባለው መስመር ላይ ነው። በርካቶቹ ከጠፉ ወይም ጊዜያቸው እየዘለለ ከተመለሱ ግን ወደ አንቴናው፣ ወደ ቅጠሉና ወደ ኬብሉ ራስ መመልከት ይገባል። ድልድዩ የቤቱን መስመር እንደማያሰፋውም መታወስ አለበት፤ ቤት 5 ሜጋቢት ከገባ፣ ቤትና መጋዘን የሚካፈሉት ያንኑ 5 ነው።

በመጨረሻ የሕጉ ጉዳይ አለ። በ2004 ዓ.ም. የወጣው የቴሌኮም ማጭበርበር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 761 ያለ ፈቃድ የቴሌኮም ዕቃ ማስገባትንና መሸጥን በወንጀል ያስቀጣል። በ2011 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1148 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ደግሞ ዘርፉን ይቆጣጠራል፤ የቴሌኮም አገልግሎት ለሌላ መሸጥም ፈቃድ ይጠይቃል። እንግዲህ ገዥው አንቴናውን ከሕጋዊ ሱቅ በደረሰኝ ቢገዛ፣ መስመሩንም ለራሱ መጋዘን ብቻ ቢጠቀምበት ይበጀዋል። ወጪውን ለመካፈል ብሎ ለጎረቤት ሱቅ በወር ሂሳብ ማከፋፈል የጀመረ ነጋዴ፣ በ30 ወር ይመለሳል ያለውን ገንዘብ በአንድ ቀን ክስ ሊያጣው ይችላል።