አንድ ሳጥን ሲጎድል

ሦስት መጋዘኖች ስንዴ አላቸው እንበል። ሀ 20፣ ለ 30፣ ሐ 50 ኩንታል። አንደኛው ከተማ 20፣ ሁለተኛውና ሦስተኛው ደግሞ 40፣ 40 ኩንታል ይፈልጋሉ። የአንድ ኩንታል ማጓጓዣ ከሀ ወደ ሦስቱ ከተሞች በቅደም ተከተል 40፣ 50 እና 90 ብር ነው፤ ከለ 30፣ 50 እና 80፤ ከሐ 70፣ 40 እና 60።

ፍራንክ ሂችኮክ እ.ኤ.አ. በ1941 ባሳተመው ጽሑፍ ያቀረበው ጥያቄ ይህን ይመስላል፤ ጭነቱ በትንሹ ወጪ እንዴት ይከፋፈል?

ሠንጠረዡን ከላይኛው የግራ ጥግ ጀምረን እንሙላ። ሀ ያለውን 20 ኩንታል በሙሉ ለከተማ 1 ይሰጣል። ለ 30ውን ለከተማ 2 ይልካል፣ የጎደለውን 10 ሐ ይሞላል፤ የቀረው 40 ከሐ ወደ ከተማ 3 ይሄዳል። ጠቅላላ ወጪው 5,100 ብር ነው። የተያዙት ሳጥኖች ግን አራት ብቻ ናቸው። ሦስት ረድፍና ሦስት አምድ ሲደመሩ፣ አንድ ሲቀነስ አምስት መሆን ነበረባቸው። ይህ ጉድለት በሙያው ዲጄኔሬሲ ይባላል።

ምክንያቱ የሀ ክምችትና የከተማ 1 ፍላጎት እኩል መሆናቸው ነው። ረድፉና አምዱ በአንድ ጊዜ ስላለቁ ሁለቱ ከቀረው ሠንጠረዥ ተነጥለዋል። ዕቅዱ የተሻለ መሆን አለመሆኑን ለመፈተን ለየረድፉና ለየአምዱ ቁጥር እንሰጣለን፤ በተያዘ ሳጥን ላይ የሁለቱ ድምር ከሳጥኑ ዋጋ ጋር እኩል መሆን አለበት። ድልድይ ከሌለ ግን ስሌቱ ከአንዱ ወገን ወደ ሌላው መሻገር አይችልም።

መፍትሔው ባዶ ሳጥን ውስጥ ኤፕሲሎን የሚባል፣ ከዜሮ የማይለይ እጅግ ጥቃቅን መጠን ማስቀመጥ ነው። ቦታው ግን በዘፈቀደ አይመረጥም። ከለ ወደ ከተማ 3 ብናስቀምጠው ከሦስት የተያዙ ሳጥኖች ጋር ዝግ ዙር ይፈጥራል፣ የተነጠሉትንም አያገናኝም። ብዙ ተማሪ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ አምስት መሙላቱን ቆጥሮ ዙሩን ሳያይ ያልፋል። ከሚያገናኙት ውስጥ ርካሹ ከለ ወደ ከተማ 1 የሚወስደው፣ 30 ብር የሚያስከፍለው ነው።

ኤፕሲሎን እዚያ ሲገባ ለረድፍ ለ 0 ብንሰጥ፣ አምድ 1 30፣ አምድ 2 50፣ ረድፍ ሀ 10 ይሆናል። ባዶው ከሀ ወደ ከተማ 2 ያለው ሳጥን ዋጋው 50 ነው፤ የቁጥሮቹ ድምር ግን 60። እያንዳንዱ ኩንታል በዚያ ቢሄድ 10 ብር ይተርፋል ማለት ነው። 20 ኩንታል በዙሩ ሲዞር የሀ ስንዴ ወደ ከተማ 2፣ ከለ 20ው ወደ ከተማ 1 ይሄዳል፤ ለ ለከተማ 2 የሚልከው 10 ብቻ ይሆናል።

ወጪው ወደ 4,900 ብር ወረደ። አምስት ሳጥኖች እውነተኛ ጭነት ይዘዋል፣ ኤፕሲሎንም ተውጧል። ባዶዎቹ ሁሉ ሲፈተኑ የሚቀንስ አንድም የለም፤ ዕቅዱ ከዚህ በላይ አይሻሻልም።

ሁልጊዜ እንዲህ አይቀናም። ሊቀነስበት ያለው ሳጥን ራሱ ኤፕሲሎን ከያዘ፣ የሚዘዋወረው እሱ ብቻ ስለሆነ ወጪው ባለበት ይቆያል፤ ስሌቱ ግን መቀጠል አለበት። በመሀል ሁለት ሳጥኖች በአንድ ጊዜ ባዶ ከሆኑም አንዱ ብቻ ይወጣል፣ ሌላው ኤፕሲሎን ይዞ ይቆያል። ስሌቱ ሲያልቅ የቀረ ኤፕሲሎን ሁሉ በዜሮ ይተካል።