ሠርጉ ተበልቷል፤ ሚስራድ ሃፕኒም ግን ማስረጃ ይጠይቃል

«እኛው ሽማግሌ ልከን፣ እኛው ድግስ ደግሰን የዳርናትን ልጅ፣ ባል የላትም ይሉናል?» ይህን ጥያቄ ልጃቸውን ኢትዮጵያ ሄደው የዳሩ ብዙ ወላጆች ያነሡታል። ወላጅ በዓይኑ ያየውን ጋብቻ አንድ ባለሥልጣን ሲጠራጠር ያናድዳል። ባለሥልጣኑ ግን ሠርጉ ላይ አልነበረም። በፊቱ ያለው የወረቀት ፋይል ብቻ ነው፤ ጋብቻውን የሚያውቀውም በዚያ ፋይል በኩል ነው።

በመጀመሪያ አንድ የተለመደ ስሕተት እናርም። «ልጄ በሕግ ሃሽቩት የመጣች ናት፤ ስለዚህ ባሏም ዖሌ ሆኖ ይመጣል» የሚሉ አሉ። አይሁዳዊ ያልሆነ የትዳር ጓደኛ በሕገ ሃሽቩት መግባት የሚችለው ከአይሁዳዊው ባለቤቱ ጋር ዓሊያ ሲያደርግ ነው። ቀድሞ ዜጋ የሆነ ሰው በኋላ ሲያገባ ግን ሕጉ ለትዳር ጓደኛው አያገለግልም። በ1999 ዓ.ም. (በፈረንጅ) የእስራኤል ከፍተኛ ፍርድ ቤት ስታምካ በሚባለው ጉዳይ ይህን ወስኗል። እንዲህ ያለው ባል ወይም ሚስት የሚያልፈው ሃሊክ መዱራግ በሚባለው፣ ደረጃ በደረጃ በሚሄድ መንገድ ነው። በዚህ መንገድ ላይ ዋናው ጥያቄ ኬኑት ሃኬሸር ይባላል። ትርጉሙ «ግንኙነቱ እውነተኛ ነው ወይስ ለቪዛ ሲባል የተደረገ?» ማለት ነው።

አብረው የሚኖሩ ባልና ሚስት ለዚህ መልሱ ቀላል ነው። የጋራ የቤት ኪራይ ውል፣ የጋራ የባንክ ሒሳብ፣ በሁለቱ ስም የመጣ የመብራት ሒሳብ ያሳያሉ። እሷ ሬሆቮት እሱ ጎንደር ሲሆኑ ግን ከእነዚህ አንዱም የለም። ታዲያ በምን ያስረዳሉ?

ለማሳየት ያህል አንድ ጉዳይ እንውሰድ። ከብዙ ቤተሰብ ታሪክ የተቀናበረ ስለሆነ ስም አንጠራም። ልጅቷ በ9 ዓመቷ በ2005 ዓ.ም. በፈረንጅ ከወላጆቿ ጋር መጣች፤ እዚህ ተማረች፣ ሠራዊት ገባች፣ አሁን በአረጋውያን መንከባከቢያ ቤት ትሠራለች። ለጉብኝት ጎንደር በሄደችበት ጊዜ አክስቷ ከአንድ አስተማሪ ጋር አስተዋወቀቻት። ለረጅም ጊዜ በስልክ ተነጋገሩ፤ ከዚያ ሽማግሌ ተልኮ ጥር 14 ቀን 2015 ሠርጉ ተደገሰ፤ የካቲት 3 ቀን 2015 ቀበሌ ሄደው በክብር መዝገብ አስመዘገቡ። እሷ ወደ ሥራዋ ተመለሰች፤ እሱ እዚያው ቀረ።

ማመልከቻውን የምታስገባው እሷ ናት፤ በምትኖርበት አካባቢ ባለው የሕዝብ ምዝገባና የስደተኞች ባለሥልጣን ቢሮ። ከኢትዮጵያ የሚያስፈልጉት የጋብቻው ሰርተፊኬት፣ የባልየው የልደት ሰርተፊኬት፣ ወንጀል እንዳልፈጸመ የሚገልጽ የፖሊስ ወረቀት፣ ከዚህ ጋብቻ በፊት ያላገባ ወይም የተፋታ መሆኑን የሚያሳይ ማስረጃ ናቸው። ወረቀቶቹ ኦሪጅናል ሆነው በኢትዮጵያ የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴርና በአዲስ አበባው የእስራኤል ኤምባሲ ሊረጋገጡ፣ ከዚያም ወደ ዕብራይስጥ ተተርጉመው ትርጉሙ በኖታሪዮን ሊጸድቅ ይገባል። ከዚህ ከእስራኤል ደግሞ የእሷ ኑሮ እዚህ መሆኑን የሚያሳዩ የደመወዝ ትሉሾች፣ የኪራይ ውልና የአርኖና ሒሳብ ይጨመራሉ።

ብዙ ቤተሰብ የሚደናቀፈው ግን ወረቀት ጎድሎት ሳይሆን ወረቀቶቹ እርስ በርሳቸው ሳይስማሙ ቀርተው ነው። የመጀመሪያው ወጥመድ የቀን አቆጣጠራችን ነው። ጥር አምስተኛው ወራችን ስለሆነ ጥር 14 ቀን 2015 በቁጥር ሲጻፍ 14/5/2015 ይሆናል። ተርጓሚው ይህን ሳይቀይር ቢያሳልፈው የእስራኤሉ ሠራተኛ የሚያነበው «ግንቦት 14 ቀን 2015» በፈረንጅ ብሎ ነው። በዚያ ቀን ልጅቷ የ19 ዓመት ወታደር ነበረች፤ የኤርፖርቱ መዝገብም ከአገር እንዳልወጣች ያሳያል። ሠራተኛው በዓይኑ የሚያየው፣ ሙሽራዋ በሌለችበት የተደረገ ሠርግ ነው! ትክክለኛው ቀን ግን ጥር 22 ቀን 2023 በፈረንጅ ነው። ስለዚህ ትርጉሙ ለኖታሪዮን ከመቅረቡ በፊት እያንዳንዱን ቀን አንድ በአንድ ቁጠሩ፤ ሁለቱም አቆጣጠሮች ጎን ለጎን እንዲጻፉ አድርጉ።

በዚሁ ላይ ሠርጉ አንድ ቀን፣ የቀበሌው ምዝገባ ሌላ ቀን ነው። «መቼ ተጋባችሁ?» ሲባሉ እሷ የሠርጉን፣ እሱ የሰርተፊኬቱን ቀን ቢናገሩ ሁለቱም እውነት ተናግረው እንደ ውሸታም ይቆጠራሉ። ሁለቱም ሁለቱን ቀን ማወቅና «ሠርጉ ይህን ቀን፣ ምዝገባው ያን ቀን» ብለው መናገር አለባቸው።

ሁለተኛው ወጥመድ ስም ነው። እዚያ ሰው የሚጠራው በራሱ፣ በአባቱና በአያቱ ስም ነው፤ እዚህ ስንገባ ግን የአያት ስም የቤተሰብ ስም ሆኗል፤ ብዙ ልጆችም አዲስ የዕብራይስጥ ስም ወጥቶላቸዋል። የቀበሌው ጸሐፊ ዘመድ በሚጠራት በልጅነት ስሟ ከመዘገባት፣ በሰርተፊኬቱ ላይ ያለችው ሚስትና በቴዑዳት ዘሁት ላይ ያለችው አመልካች ለማያውቃቸው ሰው ሁለት ሴቶች ናቸው። መፍትሔው ጎንደር ከመሄድ በፊት ነው፤ ሙሽራዋ ቀበሌ የምትመዘገበው በፓስፖርቷ ላይ ባለው ስም ይሁን። ጋብቻው ቀድሞ ከተመዘገበ ደግሞ የቀድሞ ስሟ የተጻፈበትን ታምጺት ሪሹም ከሚስራድ ሃፕኒም አውጥታ ከፋይሉ ጋር ታያይዝ።

አሁን ወደ ግንኙነቱ ማስረጃ እንመለስ። ተለያይተው የሚኖሩ ባልና ሚስት የሚያሳዩት አብሮ መኖርን ሳይሆን ሳይቋረጥ መገናኘትን ነው። በፓስፖርቷ ላይ ያለው የመግቢያና የመውጫ ማኅተም ስንት ጊዜ እንደሄደች ይናገራል። የስልክና የዋትሳፕ ጥሪ ዝርዝር በየሳምንቱ እንደሚነጋገሩ ያሳያል፤ መልእክቱን ሁሉ ማተም አያስፈልግም፤ ከየወሩ ጥቂት ገጽ በቂ ነው፣ ቀኑ እንዲታይ ብቻ ይሁን። ፎቶግራፍም ከሠርጉ ቀን ብቻ ሃምሳ ከማቅረብ፣ ከተለያየ ጊዜና ቦታ፣ ዘመድ ያለበት ጥቂት ፎቶ ቢቀርብ ይሻላል። በእያንዳንዱ ጀርባ ማን እንዳለና መቼ እንደተነሣ ይጻፍ።

ገንዘብ ላይ የእኛ ልማድ ይጎዳናል። አብዛኞቻችን ገንዘብ የምንልከው በመንገደኛ እጅ ነው፤ ርካሽና ፈጣን ነው፤ ግን ደረሰኝ የለውም። ሁለት ዓመት ሙሉ ባሏን የረዳች ሴት አንድ ወረቀት ማሳየት አትችልም። ከአሁን ጀምሮ ጥቂትም ቢሆን በባንክ ወይም ሕጋዊ ፈቃድ ባለው ላኪ በኩል ይላክ። ያለፈውን ግን ደረሰኝ ፈጥራችሁ አታቅርቡ፤ አንድ የሐሰት ወረቀት ሲገኝ እውነተኞቹም አብረው ይወድቃሉ። «በዘመድ እጅ ልኬያለሁ» ብሎ መጻፍና ገንዘቡን ያደረሰው ሰው መታወቂያ ቁጥሩንና ስልኩን አስፍሮ በፊርማው እንዲመሰክር ማድረግ የተሻለ ነው።

ወላጆች፣ እናንተም የምትጽፉት ደብዳቤ አለ። «ጥሩ ልጅ ነው፣ ይፋቀራሉ» የሚል ደብዳቤ ብዙም አይጠቅምም። የሚጠቅመው ያያችሁት ነው፤ ሽማግሌ ሆነው የሄዱት እነማን ነበሩ፣ ማን ቤት ተቀመጡ፣ ድግሱን ማን ከፈለ፣ ከሠርጉ በኋላ ሙሽሮቹ የት ሰነበቱ። በእኛ ባህል ቤተሰብ አገናኝቶ፣ ጥቂት ጊዜ ተያይቶ መጋባት ነውር አይደለም። ለእስራኤሉ ሠራተኛ ግን ሦስት ጊዜ ብቻ ተያይተው ተጋቡ ማለት እንግዳ ነገር ነው። ባህሉን ካላስረዳችሁት በራሱ መንገድ ይተረጉመዋል።

ቀጥሎ ቃለ መጠይቅ አለ። ባልና ሚስቱ ለየብቻ ይጠየቃሉ፤ መልሳቸው ጎን ለጎን ይነበባል። ከላይ ባነሣነው ጉዳይ እሱ «ሚስትህ ስንት ወንድምና እኅት አሏት?» ሲባል «ስምንት» አለ፤ እሷ «አምስት» አለች። እሱ የአጎቷን ልጆች ጨምሮ ቆጥሯል፤ በእኛ ዘንድ የአጎት ልጅ ወንድም ነው። በዕብራይስጥ ግን «አሕ» ማለት የአንድ አባት ወይም የአንድ እናት ልጅ ነው። «የት ትኖራለች?» ሲባል «ቴል አቪቭ» አለ፤ ኢትዮጵያ ላለ ሰው እስራኤል ሁሉ ቴል አቪቭ ነውና። «ምን ትሠራለች?» ሲባል «ሆስፒታል» አለ። ሦስቱም መልሶች ከውሸት አይቆጠሩም፤ ሦስቱም ግን ሚስቱን የማያውቅ ሰው መልስ ይመስላሉ።

ከዚህ ለመዳን መልስ በቃል ማስጠናት አይበጅም። ሁለት ሰዎች አንድ ዓይነት ዐረፍተ ነገር ሲናገሩ ጠያቂው ወዲያው ያውቃል። የሚሻለው ሁለቱ በስልክ ስለ እውነተኛ ኑሯቸው መነጋገራቸው ነው፤ የከተማዋ ስም፣ የሥራዋ ፈረቃ፣ ከማን ጋር እንደምትኖር፣ እሱ የሚያስተምረው ትምህርት፣ የእናቱ ሕመም። የረሱትን «አላስታውስም» ይበሉ፤ አይገምቱ። ዕብራይስጡ ወይም እንግሊዝኛው ካልገባቸው አስተርጓሚ ይጠይቁ፤ የተጻፈውም ሳይነበብላቸው አይፈርሙ።

አንድ ከባድ ጉዳይም አለ። ወደዚህ ሲመጣ አግብቶ ሳለ «ላጤ ነኝ» ብሎ የተመዘገበ ሰው አለ። ያ ቃል ዛሬም በፋይሉ ውስጥ ተቀምጧል። እንዲህ ያለ ታሪክ ካለ ማመልከቻ ከማስገባት በፊት በዚህ ጉዳይ የሚሠራ ጠበቃ ማማከር ይገባል፤ በሁለተኛ ውሸት የመጀመሪያውን መሸፈን ነገሩን ያብሳል።

ጥያቄው ተቀባይነት ሲያገኝ ባልየው መጀመሪያ ሥራ የሚያስፈቅደውን ቤት/1 ቪዛ፣ ከዚያ በየዓመቱ የሚታደሰውን አሌፍ/5 ያገኛል። ላገቡ ሰዎች ዜግነት እስኪደርስ መንገዱ አራት ዓመት ተኩል ያህል ነው። በየእድሳቱ አብረው መኖራቸውን እንደገና ያስረዳሉ፤ ስለዚህ እንደገባ ስሙ በኪራይ ውሉና በባንክ ሒሳቡ ላይ ይጨመር።

ጥያቄው ውድቅ ከሆነ ደግሞ ምክንያቱ በጽሑፍ ይሰጣል፤ ይግባኝ የሚባልበት ጊዜም አጭር ነው። ደብዳቤው የደረሰበትን ቀን ፖስታው ላይ ጻፉ፤ ፖስታውን አትጣሉ። ከዚያ ምክንያቱን አንብቡ፣ አስነብቡ። የቀን ወይም የስም አለመስማማት ከሆነ፣ ከላይ እንዳየነው፣ በወረቀት ሊፈታ የሚችል ነገር ነው።