ዋጋ ሲጨምር ደንበኛው መቼና እንዴት ይነገረው?

በብዙ ምግብ ቤቶች የእንጀራ ዋጋ መጨመሩ የሚሰማው ማለዳ ነው። እንጀራ የሚያደርሰው ልጅ የዕለቱን አውርዶ ሲያበቃ «ከዛሬ ጀምሮ አራት ብር ጨምሯል ተብሏል» ብሎ ይሄዳል። የምግብ ቤቱ ባለቤት በዚያ ሰዓት ምርጫ የለውም። ወጡ እሳት ላይ ነው፣ ምሳ ሊደርስ ነው፣ ሁለት መቶ እንጀራ ደግሞ በአንድ ሰዓት ውስጥ ከሌላ ቦታ አይገኝም። ስለዚህ ይቀበላል። ማታ ግን ስልኩን አንስቶ ሌላ አቅራቢ ማፈላለግ ይጀምራል። አቅራቢዋ ጭማሪው ያለ ጭቅጭቅ ያለፈላት ይመስላታል። ትእዛዙ መጀመሪያ ወደ መቶ ሃምሳ፣ ቀጥሎ ወደ መቶ ሲወርድባት ምክንያቱን የሚነግራት ሰው አይኖርም።

ጭማሪው ራሱ አግባብ ሊሆን ይችላል። ጤፍ ከተወደደ እንጀራም መወደዱ አይቀርም፤ ይህን ባለ ምግብ ቤቱም ያውቃል። ያስቀየመው ዱብ ዕዳ መሆኑ ነው። ያው አራት ብር ከወር በፊት ተነግሮት ቢሆን ኖሮ የምግብ ዝርዝሩን ዋጋ ያስተካክል፣ ከአቅራቢዋም ጋር ይደራደር ነበር። ማስታወቅ ሲባል ይህን ዕድል መስጠት ነው፤ ከመጀመሪያው ቀን በኋላ የሚደርስ ማስታወቂያ ይህን አይሰጥም።

ለደንበኛ ከመናገር በፊት ግን አቅራቢዋ ከራሷ ጋር የምትሠራው ሒሳብ አለ። ቁጥሮቹን ለስሌት እንዲመቹ እንያዛቸው፤ የዛሬ የገበያ ዋጋ ተደርገው አይወሰዱ። አንዲት ሴት ለአንድ ምግብ ቤት በሳምንት ስድስት ቀን፣ በቀን 200 እንጀራ ታቀርባለች እንበል። አንዱን በ30 ብር ትሸጣለች። ከአንድ ኪሎ ዱቄት 6 እንጀራ ታወጣለች፤ ኪሎው ከነማስፈጫው 120 ብር ስለሆነ በአንድ እንጀራ ላይ ያለው የጤፍ ወጪ 20 ብር ነው። ለጋጋሪዎቹ 4 ብር፣ ለመብራት 1 ብር ከ50፣ ለማጓጓዣ 1 ብር ከ50 ታወጣለች። ለእሷ የሚቀራት 3 ብር ነው።

አሁን ጤፉ ከ120 ወደ 144 ብር ወጣ፤ ከመቶ 20 ጨመረ ማለት ነው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። ጤፍ ከመቶ 20 ስለጨመረ እንጀራውም ከመቶ 20 ይጨምር ብሎ ዋጋውን 36 ብር ያደርገዋል። የጨመረው ግን ጤፉ ብቻ ነው። የአንድ እንጀራ የጤፍ ወጪ ከ20 ወደ 24 ብር ስለወጣ ጭማሪው 4 ብር ነው፤ አዲሱ ዋጋ 34 ብር ይሆናል፣ ከመቶ ወደ 13 ገደማ። በ34 እና በ36 መካከል ያለችው ሁለት ብር ትንሽ ትመስላለች። በቀን 200 እንጀራ ለሚረከብ ሰው ግን በቀን 400 ብር፣ በ26 የሥራ ቀናት 10,400 ብር ናት። የጤፍ ዋጋ ደግሞ ምስጢር አይደለም። ባለ ምግብ ቤቱ ወፍጮ ቤት ጎራ ብሎ ጠይቆ፣ በወረቀት ጀርባ ደምሮና ቀንሶ ሊደርስበት ይችላል። ያን ጊዜ ያልታመነው ሁለት ብሩ ብቻ አይሆንም፤ እውነተኛዎቹ አራት ብሮችም አብረው ይጠረጠራሉ።

ይህ ማለት አቅራቢዋ የራሷን ድርሻ ማሳደግ አትችልም ማለት አይደለም። ከዓመት በፊት የነበረችው 3 ብር ዛሬ ያኔ የገዛችውን አትገዛም። ለራሷ ወይም ለጋጋሪዎቿ መጨመር ከፈለገች በራሱ ስም ትጥራው፦ «ለሠራተኞቼ ደመወዝ ስለጨመርኩ 1 ብር» ትበል። ደንበኛ የሰው ደመወዝ መጨመሩን ይረዳል፤ በጤፍ ስም የተሸፈነ ትርፍ ሲያገኝ ግን ይቆጣል። መብራትም እንዲሁ ነው። የኤሌክትሪክ ታሪፍ ከመስከረም 2017 ጀምሮ በየሦስት ወሩ ደረጃ በደረጃ እንዲያድግ ተደርጓል፤ መጪው ጭማሪ አስቀድሞ ስለሚታወቅ የድንገተኛ ጭማሪ ምክንያት ሊሆን አይችልም። በእኛ ምሳሌ መብራት ከ30 ብር ውስጥ 1 ብር ከ50 ብቻ ስለሆነ፣ እጥፍ ቢሆን እንኳ የሚያስጨምረው 1 ብር ከ50 ነው። «ጤፍም፣ መብራትም፣ ነዳጅም፣ ሁሉም ነገር ተወዷል» የሚለው አነጋገር ብዙ ምክንያት የያዘ ይመስላል፤ ሰሚው ግን አንዱንም ማጣራት ስለማይችል ምንም አልተነገረውም።

ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ ስንት ቀን አስቀድሞ ይነገር የሚለው ነው። ለዚህ ጥሩ መለኪያ አቅራቢዋ ቤት ውስጥ ያለው ጤፍ ነው። በቀን 200 እንጀራ ለመጋገር 33 ኪሎ ያህል ዱቄት ይፈጃል። በአሮጌው ዋጋ የተገዛ 10 ኩንታል ካላት ለ30 የሥራ ቀናት ይበቃታል። እንግዲህ የአንድ ወር ማስታወቂያ ብትሰጥ አሮጌውን ጤፍ በአሮጌው ዋጋ ጋግራ ትሸጣለች እንጂ ከኪሷ የምታወጣው የለም። ማስታወቂያ ያከስራል የሚሉ ነጋዴዎች ብዙ ጊዜ ይህን ሒሳብ አልሠሩትም። እርግጥ መጋዘኑ ሲያልቅ የሚሞላው በአዲሱ ዋጋ ነው፤ ለዚያ የሚሆን ገንዘብ ከወዲሁ ማሰብ ያስፈልጋል። ያም ቢሆን የሚመለከተው የሚቀጥለውን ወር ዋጋ ነው፣ የዚህን ወር አይደለም።

ያላት 3 ኩንታል ብቻ ከሆነ ነገሩ ይከብዳል። ያ የ9 ቀን ነው። የወር ማስታወቂያ ብትሰጥ በቀሩት 17 የሥራ ቀናት በየቀኑ 800 ብር፣ በድምሩ 13,600 ብር ትከስራለች። ይህን መሸከም የማትችል ሴት የወር ጊዜ እንድትሰጥ መፍረድ ተገቢ አይመስለኝም። የሁለት ሳምንት ማስታወቂያ ግን የሚያከስራት ለሦስት ቀን፣ 2,400 ብር ነው። ደንበኛው የምግብ ዝርዝሩን አርሞ ለማሳተምና ከተመጋቢዎቹ ጋር ለመነጋገር ሁለት ሳምንት ይበቃዋል። ከዚያ ያነሰ ከሆነ ተነግሮታል ለማለት እንጂ እንዲዘጋጅ ተብሎ የተደረገ አይሆንም።

ማስታወቅ ብቻውን የማይበቃበት ቦታም አለ። በውል ላይ «ለአንድ ዓመት በ30 ብር» ተብሎ ከተፈረመ ጊዜ ሰጥቶ ማሳወቅ ዋጋውን አይለውጠውም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 1764 እንደሚለው፣ የአንዱ ወገን ግዴታ ከገመተው በላይ ቢከብድበትም ውሉ ጸንቶ ይቆያል፤ ለውጡን ማስተካከል የሚችሉት ተዋዋዮቹ በውላቸው ወይም በአዲስ ስምምነት፣ ወይም ራሳቸው የመረጧቸው የግልግል ዳኞች ናቸው። ስለዚህ ሲዋዋሉ ዋጋው የሚከለስበትን ሁኔታ አብሮ መጻፍ ይበጃል። «የጤፍ ዋጋ ከመቶ 10 በላይ ሲለወጥ ልዩነቱ በእንጀራው ዋጋ ላይ ይታሰባል፤ ለውጡም 15 ቀን አስቀድሞ በጽሑፍ ይነገራል» የምትል አንዲት ዓረፍተ ነገር ዓመቱን ሙሉ ከጭቅጭቅ ታድናለች። ለሠርግ ወይም ለተዝካር ቀብድ የተከፈለበት ትእዛዝም እንዲሁ ነው። ቀብድ መቀበል ውል ለመደረጉ ማስረጃ ነው፤ ተቀባዩ ውሉን ልተው ካለ በሕጉ መሠረት እጥፉን ይመልሳል። ቀብድ በያዘ እጅ ዋጋ መጨመር አይቻልም።

ይህ ሁሉ ታስቦ ካለቀ በኋላ መልእክቱ ራሱ አጭር ነው። መጀመሪያ አቅራቢዋ ራሷ፣ ዋጋ መወሰን ለሚችለው ለባለቤቱ ወይም ለሥራ አስኪያጁ፣ ከሥራ ጫና በራቀ ሰዓት ደውላ ወይም በአካል ሄዳ ትናገራለች። እንጀራ አድራሹ ልጅ ነገሩን ይወቅ እንጂ ተደራዳሪ አይደረግ። በዚያው ቀን ደግሞ ወረቀቱ ይሰጣል፦

«ለተከበሩ ደንበኛችን፤ በአሁኑ ጊዜ አንዱን እንጀራ በ30 ብር እያቀረብንልዎ ነው። ከነሐሴ 20 ቀን ጀምሮ 34 ብር ይሆናል። ምክንያቱ የምንገዛው ጤፍ በኪሎ ከ120 ብር ወደ 144 ብር መድረሱ ነው፤ ከአንድ ኪሎ 6 እንጀራ ስለምናወጣ በአንዱ ላይ 4 ብር ጨምሮብናል። ሌላ የጨመርነው የለም። እስከ ነሐሴ 19 ቀን የሚረከቡት እንጀራ፣ እንዲሁም ቀብድ የከፈሉባቸው ትእዛዞች ሁሉ በቀድሞው ዋጋ ይቀርባሉ። የጤፉ ዓይነትና የእንጀራው መጠን አይለወጥም። አዲሱ ጤፍ ገበያ ሲገባ፣ በጥር ወር፣ ዋጋውን አብረን እናያለን። ሐምሌ 20 ቀን።»

ሁለት ነገሮች ልብ ይባሉ። «የሚረከቡት» የተባለው በምክንያት ነው። «እስከ ነሐሴ 19 የሚያዙት» ቢባል፣ በ19ኛው ቀን የሦስት ወር እንጀራ በአሮጌው ዋጋ የሚያዝ ደንበኛ ሊመጣ ይችላል፤ ጥፋቱም የእሱ አይሆንም። ሁለተኛው የጥር ቀጠሮ ነው። ጤፍ ብዙ ጊዜ የሚወደደው በክረምት፣ ያለፈው ዓመት ምርት ሲመናመን ነው፤ አዲሱ ከታጨደና ከተወቃ በኋላ ሊረክስ ይችላል። በክረምት ለመጨመር ጤፍን ምክንያት ያደረገ ሰው በጥር ጤፍ ሲቀንስ ዝም ካለ፣ የሚቀጥለው ዓመት ምክንያቱ ተሰሚነት የለውም። ያልቀነሰ ከሆነም ያልቀነሰበትን አሳይቶ መናገር ይቻላል።

አንዳንዱ ይህን ንግግር ለመሸሽ ዋጋውን ሳይነካ ሊጡን ያቀጥናል፣ የእንጀራውን ስፋት ያሳንሳል ወይም ጤፉን በሩዝ ዱቄት ይደባልቃል። ይህም የዋጋ ጭማሪ ነው፤ ልዩነቱ ደንበኛው ስላልተነገረው ብቻ ነው። ምግብ ቤት ደግሞ ቶሎ ያውቀዋል። ለማታ የተቀመጠው እንጀራ ጠርዙ ይደርቃል፣ ሲጠቀለል ይሰነጠቃል፣ ወጥ ሲፈስበት አይይዝም። በፊት በአንድ እንጀራ ይጠግብ የነበረ ተመጋቢ ጭማሪ ይጠይቃል። ድብልቅ መሸጥ ነውር የለውም፤ ድብልቅ ነው ተብሎ፣ በድብልቅ ዋጋ እስከተሸጠ ድረስ። እንዲያውም ከማስታወቂያው ጋር ሁለተኛ ምርጫ ሆኖ ሊቀርብ ይችላል፦ ንጹሕ ጤፍ በ34፣ ድብልቁ በ30።

ጊዜ ከተሰጠ ደንበኛውም የራሱን ሐሳብ ይዞ መምጣቱ አይቀርም። የተለመደው «33 አድርጊልኝ» የሚል ነው። እዚህ ላይ መታየት ያለበት ክፍያው እንዴት እንደሚፈጸም ነው። ባለ ምግብ ቤቱ በዱቤ እየተረከበ የሚከፍለው በወር መጨረሻ ከሆነ፣ በአዲሱ ዋጋ በየወሩ ወደ 177,000 ብር የሚጠጋ ገንዘቧ እሱ ዘንድ ይከርማል፤ ጤፍ የምትገዛው ግን በጥሬ ገንዘብ ነው። በየሳምንቱ ቅዳሜ ልክፈልሽ ካለ ገንዘቧ ቶሎ ስለሚመለስ ጤፉን ሳይወደድ በብዛት ልትገዛ ትችላለች፤ አንድ ብሯንም መተው ያዋጣት እንደሆነ ማስላት ትችላለች። ከተስማሙ ያንኑ ወረቀት አውጥተው «ክፍያው በየሳምንቱ ቅዳሜ ሲፈጸም 33 ብር፣ ካለፈ 34 ብር» ብለው ይጨምሩበትና ሁለቱም ይፈርሙበታል።